ከጥፍሬ የላጥኩት ቀለሙን ብቻ አልነበረም



ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ምክንያት የሆነኝ አንድ የሐሙስ ከሰዓት ነው። ከሐይድ መጥራቴን ያወቅኩት የአስር ወቅት ሊወጣ ሃያ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ነበር። ጉስል አድርጌ ሶላቱን ማድረስ ነበረብኝ። አሥሩም ጥፍሮቼ ላይ ግን ደማቅ ቀይ ቀለም ነበር። የአሴቶኗን ጠርሙስ ስገለብጣት ሁለት ጠብታ ብቻ ወጣ። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? እኔ የጥፍር መቁረጫዬን ሹል ጫፍ አውጥቼ መፋቅ ጀመርኩ። ቀለሙ እንደ ቅርፊት እየተነሳ ወደቀ። ሶላቴን አልሐምዱሊላህ ደረስኩበት። ማታ ዶርም ገብቼ በመብራት ሳየው ግን ከቀለሙ ጋር ሌላም ነገር ተነስቶ ነበር። ጥፍሮቼ ላይ ዱቄት የተነሰነሰባቸው የሚመስሉ ነጫጭ ንጣፎች ነበሩ። የሁለት ጣቶቼ ጥፍር ጫፉ ላይ እንደ ፈጢራ በስስ በስሱ ተነባብሮ ተሰንጥቋል።

የብዙዎቻችን ልማድ እንደኔ ነው። ቀለሙ ውሃ ወደ ጥፍር እንዳይደርስ ስለሚከለክል በሶላት ቀናት አንቀባም። ሐይድ ሲመጣ እንቀባለን፤ ስንጠራ ከጉስል በፊት እናነሳለን። ሠርግ ወይም ዒድ ሲደርስ ደግሞ ውዱእ አድርገን እንቀባና ውዱኡ ሲፈታ እንደገና እናነሳለን። ስለዚህ ሌላዋ ሴት ቀለሙን እስከፈለገችው ድረስ ይዛ ስታቆይ እኛ በወር ሁለቴም ሦስቴም እናነሳለን፤ ያውም ሁልጊዜ በጥድፊያ። ማስለቀቂያውን በተመለከተ ከማንም በላይ ማወቅ የሚገባን እኛ ነን ማለት ነው።

እኔ ግን አላወቅኩም ነበር። የመጀመሪያው ጥፋቴ ነጩን ንጣፍ በሌላ ቀለም መሸፈኔ ነው። የጀመዓችን እህቶች ለሐለቃ ክብ ሠርተን ስንቀመጥ እጄን በሂጃቤ ጫፍ እሸፍን ነበር። ሁለተኛው ጥፋቴ ጥፋቱን ሁሉ በአሴቶን ላይ መጣሌ ነው። ሱቅ ሄጄ «ከአሴቶን ነፃ» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ማስለቀቂያ በእጥፍ ዋጋ ገዛሁ፤ ከዚያም ተረጋጋሁ። ከሁለት ወር በኋላ ጥፍሮቼ ባሱ። ሱብሂ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካቸው የሌባ ጣቴና የአውራ ጣቴ ጥፍር ያቃጥለኝ ጀመር።

አምስተኛ ዓመት የፋርማሲ ተማሪ የሆነች አንዲት እህታችን እጄን ያየችው ከኢሻ በኋላ ጫማ ስናደርግ ነው። ልደብቀው ብሞክርም ያዘችው።

«በምንድን ነው የምታነሺው?» አለችኝ።

«አሴቶን ትቻለሁ፤ አሁን ነፃውን ነው የምጠቀመው» አልኳት በኩራት።

«ስንት ደቂቃ ትፈትጊያለሽ?»

ቆጥሬው አላውቅም ነበር። ሳቀችና «ነገ ከዙህር በኋላ ሁለቱንም ጠርሙስ ይዘሽ ነይ» አለችኝ።

በማግስቱ ያስረዳችኝን እንደገባኝ ልንገራችሁ። የተለመደው የጥፍር ቀለም ዋና አካሉ ናይትሮሴሉሎስ የሚባል ከጥጥ ወይም ከእንጨት ጭረት በአሲድ የሚዘጋጅ ነገር ነው። እሱ ቶሎ በሚተን ፈሳሽ ውስጥ ሟሙቶ ጠርሙስ ውስጥ ይገባል። ስንቀባው ፈሳሹ ተንኖ ይሄዳል፤ ስስ ሽፋን ደግሞ ጥፍሩ ላይ ይቀራል። ደረቀ የምንለው ይሄን ነው። የተለወጠ ነገር ስለሌለ፣ ያንኑ የመሰለ ፈሳሽ መልሰን ብናመጣለት እንደገና ይሟሟል። ማስለቀቂያ ማለት ይኸው ነው። ቀለሙን አይፍቀውም፤ ወደ ፈሳሽነቱ ይመልሰዋል። ስለዚህ ሥራው የፈሳሹ እንጂ የክንዳችን አይደለም።

አሴቶን ይህን ሥራ ከሁሉም በፍጥነት ይሠራል። ችግሩ የሚያሟሟው ቀለሙን ብቻ አለመሆኑ ነው። ጥፍራችን ኬራቲን ከሚባለው ነገር የተሠሩ፣ እርስ በርስ ተደራርበው የተጣበቁ ጠፍጣፋ የሞቱ ሕዋሳት ንብርብር ነው። በመካከላቸው ጥቂት ቅባትና ውሃ አለ፤ ጥፍር ጎንበስ ቀና የሚለውና ቶሎ የማይሰበረው በሱ ነው። አሴቶን የላይኛውን ቅባት ያጥባል፤ በሚተንበትም ጊዜ ውሃውን ይዞ ይሄዳል። ጥፍሩም በዙሪያው ያለው ቆዳም ነጣ ብሎ የሚደርቀው ለዚህ ነው።

«ታዲያ ነፃው ለምን አላዳነኝም?» አልኳት።

ጠርሙሱን አዙራ ከጀርባው ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አሳየችኝ። ከአሴቶን ነፃ የሚባሉት አብዛኞቹ በአሴቶን ፋንታ ኢታይል አሴቴት የሚባል ፈሳሽ አላቸው። እሱም ቅባት የሚያጥብ፣ ቶሎ የሚተንና የሚያደርቅ ነው። ኃይሉ ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ በአንድ ጊዜ የሚያደርሰው ድርቀት ያንሳል። ኃይሉ ስላነሰ ግን ቀለሙን ለማንሳት ረዘም ያለ ጊዜና ብዙ ጥጥ ይፈልጋል። ሰው ደግሞ አይታገስም፤ ይፈትጋል። «ነፃ» የሚለው ቃል የሚነግረን ጠርሙሱ ውስጥ ምን እንደሌለ ብቻ ነው። ምን እንዳለ የሚነግረን ጀርባው ነው።

በዚያው ቀን ሞከርነው። እሷ አሥሩንም ጥፍሬን አንድ ዓይነት ቀለም ሁለት ጊዜ ደርባ ቀባችኝና ማታ እስኪደርቅ ጠበቅን። ቀኝ እጄን በአሴቶን፣ ግራ እጄን በነፃው እንደ ልማዴ እንዳነሳ ነገረችኝና ሰዓት ያዘች። ቀኙ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላና በሦስት ጥጥ ለቀቀ። ግራው ሰባት ደቂቃ ፈጀ፤ ስምንት ጥጥ ጨረሰ፤ የጥፍሬ ሥርም ቀላ። ታጥቤ ስመለስ የቀኙ ጣቶቼ ነጥተው ደርቀዋል። ግራው ብዙም አልደረቀም፤ ነገር ግን የአውራ ጣቴ ጥፍር ላይ ፍትጊያው አዲስ ነጭ ንጣፍ አንስቷል። ያኔ ገባኝ። እኔን የጎዳኝ በአንድ በኩል የፈሳሹ ድርቀት፣ በሌላ በኩል የእጄ ፍትጊያ ነው። ከሁለቱም የባሰው ደግሞ ያ የሐሙሱ መፋቅ ነበር። የደረቀ ቀለም በስለት ሲነሳ የተጣበቀበትን የላይኛውን የጥፍር ንብርብር ይዞ ይነሳል። ነጩ ንጣፍ ሕመም ወይም የካልሲየም እጥረት ሳይሆን የተላጠው ቦታ ነበር።

ከዚያ በኋላ የማነሳበትን መንገድ ቀየርኩ። እርምጃዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ግን ቅደም ተከተላቸው ይጠበቅ።

ጥጡን በጥፍሬ ልክ ትንሽ ትንሽ አድርጌ እቆርጠዋለሁ። በማስለቀቂያው አርሼ ጥፍሩ ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ ሳልፈትግ። አሴቶን ከሆነ እስከ ሃያ ሰከንድ፣ ነፃው ከሆነ እስከ አርባና ሃምሳ ሰከንድ በጣቴ ጫን አድርጌ እቆጥራለሁ። ከዚያ ከሥሩ ወደ ጫፉ አንድ ጊዜ እስባለሁ። ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ አልመልሰውም፤ ምክንያቱም ወደ ኋላ ሲሄድ የሟሟውን ቀለም ወደ ሥሩ ቆዳ ይገፋዋል። የቀረ ካለ አዲስ ጥጥ አምጥቼ መቁጠሩን እደግመዋለሁ እንጂ አልፈትገውም። ብልጭልጭ ያለበት ቀለም ከሁሉም የከፋ ነው። ፍሬዎቹ አይሟሙም፤ በዙሪያቸው ያለው ሽፋን እስኪላላ ብዙ መቆየት ይፈልጋል። እኔ እሱን ከናካቴው ትቼዋለሁ።

ሲያልቅ እጄን ወዲያው በሳሙናና በለብ ያለ ውሃ እታጠባለሁ፤ የቀረው ፈሳሽ ጥፍሬ ላይ ቆይቶ እንዳያደርቀኝ። ከዚያ በመስኮት ብርሃን የጥፍሩን ሥርና ሁለቱን ጎን አያለሁ። እህቶቼ፣ ይቺን አትዝለሏት። አንድ ጊዜ ጉስል ጨርሼ ሰግጄ ከተቀመጥኩ በኋላ በትንሿ ጣቴ ጥግ ላይ የቀረ ቀይ መስመር አግኝቼ ያንን ቦታ አጥቤ ሶላቴን ደግሜያለሁ።

ማታ ከኢሻ በኋላ፣ የሚቀጥለው ውዱእ ሱብሂ ሲሆን፣ ጥፍሬንና በዙሪያው ያለውን ቆዳ የሰሊጥ ዘይት ወይም ቫዝሊን እቀባለሁ። ዘይቱ የተሰነጠቀውን ጥፍር አይጠግነውም። ያለው ውሃ እንዳይተን ይይዘዋል፤ ጥፍሩም ይለሰልሳል። ቫዝሊኑ ወፍራም ሆኖ ካደረ ጠዋት በሳሙና ታጥቤው ውዱእ አደርጋለሁ። ልብስ በእጅ ሳጥብም ጓንት አደርጋለሁ። ጥፍር በኦሞ ውሃ ለሰዓት ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ይህ ሲደጋገም ንብርብሩ ይላቀቃል። በማስለቀቂያ ቅባቱን ያጣ ጥፍር ደግሞ ለዚህ ቀድሞ የተጋለጠ ነው።

ስንት ጊዜ ጠበቅኩ? የተላጠ ጥፍር አይድንም፤ አድጎ ይወገዳል እንጂ። የእጅ ጥፍር በወር ሦስት ሚሊ ሜትር ገደማ ነው የሚያድገው፤ ከሥር እስከ ጫፍ ለመተካት ከአራት እስከ ስድስት ወር ይወስዳል። ፋርማሲዋ እህቴ የአውራ ጣቴን ነጭ ንጣፍ በማስመሪያ ለካችው። ከጥፍሩ ሥር እስከ ንጣፉ መጀመሪያ አራት ሚሊ ሜትር ነበር። ከአንድ ወር በኋላ ሰባት ሆነ። ያኔ ከሥሩ እየመጣ ያለው ጥፍር ጤነኛ መሆኑን አወቅን። በአራተኛው ወር የመጨረሻውን ነጭ በመቁረጫ አነሳሁት። ንጣፉ ወደ ጫፍ ባይሄድ፣ ቢሰፋ፣ ወይም ጥፍሩ ቢወፍርና ቢጫ ቢሆን ግን ጉዳዩ ፈንገስ ሊሆን ስለሚችል ክሊኒክ መታየት ነበረብኝ። በእነዚያ አራት ወራት ምንም አልቀባሁም። እንዳልለምድ የፈራሁት ነገር በሁለተኛው ሳምንት ተረሳ።

አሁን በጠርሙስ ምርጫ ለምትጠይቁኝ መልሴ ይሄ ነው። ያለፈ ችግር የሌለበት ጥፍር ካላችሁና በወር አንዴ ብቻ የምታነሱ ከሆነ፣ በትክክል የተያዘ አሴቶን ለሃያ ሰከንድ ነክቶ መታጠቡ፣ ነፃውን ለሰባት ደቂቃ ከመፈተግ ይሻላል። ጥፍራችሁ ደረቅ ወይም የተሰነጠቀ ከሆነ፣ ወይም ቆዳችሁ ቶሎ የሚቆጣ ከሆነ ነፃውን ውሰዱ፤ ነገር ግን ትዕግሥቱንም አብራችሁ ውሰዱ። ግሊሰሪን ወይም ዘይት የተጨመረባቸው ማስለቀቂያዎች ድርቀቱን በትንሹ ይቀንሳሉ። በመብራት የሚደርቀው ጄል ግን ሌላ ነገር ነው። እሱ መብራቱ ሲነካው ተያይዞ ስለሚጠነክር እንደ ተራው ቀለም አይሟሟም። በአሴቶን የራሰ ጥጥ በፎይል ተጠቅልሎ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ ቆይቶ ሲያብጥና ሲላላ ነው የሚነሳው። ሶላት ለምትሰግድ ሴት ይህ ከብዙ ድካም በቀር ምን ይጠቅማል?

ማስለቀቂያ ሲያልቅ በቤት ውስጥ ስለምንሞክራቸውም ልንገራችሁ። ሎሚና ኮምጣጤ ናይትሮሴሉሎስን አያሟሙም፤ የሚሠሩ የመሰሉን ስለምንፈትግ ነው። የእጅ ማጽጃ አልኮል በጣም ቀስ ብሎ ያላላል፤ ያደርቃልም። የቀለም ቀቢ ቲነር ግን በፍጹም አይነካ፤ በውስጡ ለቆዳና ለሳንባ ያልተሠሩ ፈሳሾች አሉ። በዚያ ሐሙስ ባውቀው ኖሮ የሚጠቅመኝ አንድ ዘዴ ነበር፤ ከላዩ ሌላ ቀለም መቀባት። በአዲሱ ቀለም ውስጥ ያለው ፈሳሽ ታችኛውን ያላላዋል፤ ሳይደርቅ ወዲያው በጥጥ ሲጠረግ ሁለቱም ይነሳሉ። ሁለትና ሦስት ጊዜ መደጋገም ይጠይቃል፤ ጥፍር ግን አይልጥም።

ስለ ዶርማችንም አንድ ቃል። አንድ ቀን አሴቶን በነጭ የፕላስቲክ ስኒ ቀዳሁ። የስኒው ቂጥ ሟሙቶ ፈሳሹ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። በዚያው ሰዓት የክፍል ጓደኛዬ ቡና አፍልታ ከሰል ላይ ዕጣን ልታጨስ ነበር። አሴቶንም ሆነ ነፃው በቀላሉ በእሳት የሚያያዙ ናቸው፤ ትነታቸው ከአየር ስለሚከብድ በጠረጴዛና በወለል ላይ ተንሸራቶ እሳት ያገኛል። አልሐምዱሊላህ «ቆይ!» ብዬ ጮህኩ። መስኮት ተከፍቶ፣ ከሰልና ምድጃ ጠፍቶ፣ በብርጭቆ ነው የሚሠራው። የተረፈውንም በውሃ ላስቲክ አትገልብጡ፤ ጨለማ ውስጥ ተነስታ የምትጠጣ እህት አለች።

ለስለስ ስላሉት አማራጮች ስጠይቅ ፋርማሲዋ እህቴ ሁለት ነገር አነሳችልኝ። አንደኛው በውሃ የተሠራና እንደ ልጣጭ የሚነሳ ቀለም ነው። ማስለቀቂያ አይፈልግም፤ ግን በለብ ውሃ ሳይላላ በደረቁ ቢሳብ ልክ እንደኔ መቁረጫ ንብርብሩን ሊያነሳ ይችላል። ሁለተኛው «ውሃ ያሳልፋል» ተብሎ የሚሸጠው ነው። በወረቀት ላይ ተቀብቶ ጠብታ ውሃ በጣት ሲታሸት ከሥር እርጥብ ሲሆን የሚያሳዩት አለ። ወረቀት ግን ጥፍር አይደለም፤ በውዱእ ጊዜም ማንም ጥፍሩን እንደዚያ አያሽም። ፍርዱን ለምታምኗቸው ኡስታዞች አቅርቡት፤ እኔ በሶላቴ ላይ ጥርጣሬ መሸከም አልፈለግኩም።

እኔ ያገኘሁት ግን ወሎ፣ አያቴ ጓሮ ነው። ለክረምት ዕረፍት ስገባ እጄን አየችና ዝም ብላ ወጥታ የእንሶስላ ሥር ይዛ መጣች። ወቅጣ ሎሚ ጠብ አድርጋ ጥፍሬ ላይ ለጠፈችው፤ በጨርቅም ጠቀለለችኝ።

«ይሄን ማን ያነሳዋል?» አልኳት ጠዋት ቀይ ብሎ ሳየው።

«ማንም አያነሳውም ልጄ፤ አብሮሽ አድጎ ይሄዳል» አለችኝ።

ያ ነው ልዩነቱ። እንሶስላም ሆነ ሂና በጥፍሩ ላይ ሽፋን አይሠሩም፤ ራሱን ኬራቲኑን ያቀልሙታል። ውሃ ይደርሳል፤ ውዱእ ይሆናል፤ ማስለቀቂያ የሚባል ነገር የለም። የለጠፍነው ሊጥ ብቻ ተጠርጎ ይታጠብ። ነገር ግን «ጥቁር ሂና» ከሚባለው ተጠንቀቁ። ሂና በተፈጥሮው ቡናማ ቀይ ነው፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚጠቁረው ብዙ ጊዜ የፀጉር ቀለም የተቀላቀለበት ስለሆነ ቆዳን ሊያቃጥልና ለዘለቄታው አለርጂ ሊተው ይችላል።

አሁን ሱብሂ ላይ ውሃው ጥፍሬን አያቃጥለኝም። ሐለቃ ላይም ቁርኣኑን ይዤ ገጹን ስገልጥ እጄን አልሸፍንም። የአያቴ ቀለም ከአውራ ጣቴ ጫፍ ላይ አንዲት ቀጭን ጨረቃ ያህል ቀርቷል። ለሚቀጥለው ዒድ የእንሶስላ ሥር አመጣላችኋለሁ ኢንሻአላህ። እስከዚያው ግን የጥፍር መቁረጫችሁን ሹል ጫፍ ወደ ቦታው መልሱት።